ድንቹ ያው ድንች ነው፣ ካሎሪው ከየት መጣ?

እህቴ ካሎሪ መቁጠር ከጀመረች ወዲህ ምግብ የምትበላው ስልኳን አጠገቧ አስቀምጣ ነው። አንድ ማታ የምግብ ሠንጠረዥ ከፍታ ድንች የሚለውን አሳየችኝ። ጥሬ ድንች በ100 ግራም 77 ካሎሪ። ተልጦ የተቀቀለ 86። ያለ ዘይት ኦቨን ውስጥ የተጠበሰ 93። በዘይት የተጠበሰ 312። «የዘይቱስ ይገባኛል» አለችኝ፤ «ይሄኛውን ግን ምንም አልነካውም። ድንችና እሳት ብቻ ነው። ታዲያ ጭማሪው ከየት መጣ? ንገሪኛ፣ እሳት ካሎሪ ይጨምራል እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። እሷም መልሱን አልጠበቀችም፤ የምትወደውን የኦቨን ድንች ትታ ወደ ቅቅሉ ዞረች። ለሰባት ካሎሪ ልዩነት ብላ። ጥያቄው ግን እኔን ሲከነክነኝ ከረመ። እሳት ሙቀት ነው እንጂ ምግብ አይደለም። ድንቹ ላይ ስብም ስኳርም አልተጨመረበትም። ቁጥሩ ግን ጨምሯል፣ ሠንጠረዡን ያዘጋጁት ሰዎች ደግሞ ዝም ብለው ቁጥር አይጽፉም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና የወጥ ቤት ሚዛን አውጥቼ ከጥሬው ድንች ጀመርኩ።

## ሚዛኑ ላይ የታየው ነገር

ድንቹን ከአንድ ከረጢት ነው የወሰድኩት። ልጬ በጣት ውፍረት ቆረጥኩትና ሦስት ቦታ ከፈልኩት፤ እያንዳንዱ ድርሻ 200 ግራም። በሠንጠረዡ ስሌት እያንዳንዱ ድርሻ 154 ካሎሪ አለው። ይሄን ቁጥር ልብ በሉት። እሳት ሳይነካው የተመዘነ ስለሆነ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚለካው በሱ ነው።

የመጀመሪያውን ቀቀልኩት። ውሃውን አጠንፍፌ፣ ላዩ እስኪደርቅ ትንሽ አቆይቼ ስመዝነው 199 ግራም። ምንም አልሆነም ማለት ይቻላል። ድንች ሲቀቀል ውሃ ውስጥ ስለሆነ የሚደርቅበት ምክንያት የለም፤ ጥቂት ስታርችና ማዕድን ወደ ውሃው ይወጣል፣ በካሎሪ ሲታይ ግን የሚቆጠር አይደለም።

ሁለተኛውን ግሪል ላይ አደረግኩት፣ ጠብታ ዘይት ሳላስነካ። ጠርዙ ወርቃማ ሆኖ፣ አንዳንድ ቦታ ጠቆር ብሎ ወጣ። ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጠው 152 ግራም አለኝ። መጀመሪያ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብዬ አንስቼ መለስኩት። ያው 152። ከ200 ግራም ውስጥ 48 ግራሙ የለም።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የጠፋው ውሃ ነው። ጥሬ ድንች ከአምስት እጅ አራት እጁ ገደማ ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ ካሎሪ የለውም። እሳቱ ውሃውን በእንፋሎት አስወጣው፤ ስታርቹ ግን እዚያው ተቀምጧል፣ የትም አልሄደም። ስለዚህ ቅድም በ200 ግራም ውስጥ ተበትኖ የነበረው 154 ካሎሪ አሁን በ152 ግራም ውስጥ ታጭቋል። አካፍሉት፤ በ100 ግራም 101 ይመጣል። የተቀቀለው 77 ላይ ነው ያለው። ያው ድንች፣ ያው 154 ካሎሪ፣ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች።

እሳት ካሎሪ አይጨምርም፤ ክብደት ይቀንሳል። ሠንጠረዡ አልዋሸም፣ እኛ ነን «በ100 ግራም» የምትለዋን ዘለን ያነበብናት። እህቴ 200 ግራም ጥሬ ድንች ይዛ ብትቀቅለውም፣ በደረቁ ብትጠብሰውም የምትበላው ካሎሪ እኩል ነው።

«ታዲያ ሠንጠረዡ ለተቀቀለው ለምን 86 አለ፣ ያንቺ ለምን 77 ሆነ?» የሚል ይኖራል። ድንች ሁሉ አንድ አይደለም። ሲቀቀል የሚፈረካከሰው ዓይነት ስታርቹ ብዙ፣ ውሃው ትንሽ ነው፤ ሲቀቀል ቅርጹን የሚይዘው ደግሞ ውሃው ይበዛል። ሠንጠረዥ ላይ ያሉት ጥሬውና ቅቅሉ ከአንድ ድንች የተቆረጡ አይደሉም። ዘጠኝ አሥር ካሎሪ ወዲያና ወዲህ ማለት የድንቹ ዓይነት ብቻ የሚያመጣው ነገር ነው። በእንዲህ ያለ ልዩነት ላይ ተመሥርቶ ምግብ መምረጥ ልፋት ነው።

## በዘይት የተጠበሰው

ሦስተኛው ድርሻ ብዙ ዘይት ውስጥ ገባ። እዚህ ጋ ድንቹን ብቻ መመዘን አይበቃም፣ ምክንያቱም ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል፤ ውሃ ይወጣል፣ ዘይት ይገባል። ስለዚህ መጥበሻውን ከነዘይቱ መዘንኩት፣ 1240 ግራም። ጠብሼ ስጨርስ ዘይቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ እንደገና መዘንኩ፣ 1224። አሥራ ስድስት ግራም ዘይት ጎድሏል። ድንቹን ያወጣሁበትን ወረቀትም ከመጥበሱ በፊትና በኋላ መዝኜው ነበር፤ 2 ግራም ዘይት ይዟል። የቀረው 14 ግራም ድንቹ ውስጥ ነው። እርግጥ ምድጃው ላይ የተፈናጠረ ጠብታ አለ፣ ስለዚህ 14 ትንሽ ከፍ ያለ ግምት ነው። ለወጥ ቤት ግን ከበቂ በላይ ነው።

ስብ በአንድ ግራም 9 ካሎሪ ነው፣ ዘይት ደግሞ ንጹሕ ስብ ነው። አሥራ አራት ግራም ማለት 126 ካሎሪ። ከድንቹ 154 ጋር ሲደመር 280። የተጠበሰው ድንች ክብደት ደግሞ 91 ግራም ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከግማሽ በላይ ቀልሏል። 280ን ለ91 አካፍሉት፣ በ100 ግራም 308። ሠንጠረዡ 312 ነበር ያለው። ይሄን ያህል ይቀራረባል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፣ በጣም ደስ አለኝ።

እስቲ አሁን ሁለቱን አነጋገሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በ100 ግራም ካየነው በዘይት የተጠበሰው የተቀቀለውን አራት ጊዜ ያህላል። በድንቹ ካየነው ግን 280 ለ154 ነው፣ እጥፍ እንኳን አልሞላም። ሁለቱም እውነት ናቸው። ልዩነቱ ሰው የሚበላው በምን ልክ ነው የሚለው ነው። «ሁለት ድንች ነው የምበላው» የሚል ሰው ከቅቅል ወደ ጥብስ ሲዞር የሚጨምርበት የዘይቱ ካሎሪ ብቻ ነው። ሳህኑን ሞልቶ የሚበላ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ነው። የተቀቀለውን 200 ግራም ይበላ የነበረ ሰው የተጠበሰውንም 200 ግራም ልብላ ካለ 616 ካሎሪ ገባለት፣ ምክንያቱም ያ ሳህን ከ400 ግራም በላይ ጥሬ ድንችና ከ30 ግራም በላይ ዘይት ይዟል። ብዙዎቻችን ደግሞ በሳህን ነው የምንበላው።

## ድንቹ ዘይት የሚጠጣው መቼ ነው?

በጣም የወደድኩት ክፍል ይሄ ነው። ድንች ዘይት የሚጠጣው እሳቱ ላይ እያለ፣ ዘይቱ ሲንቸረቸር ይመስለኝ ነበር፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። እውነቱ ግን በአብዛኛው ከዚያ በኋላ ነው።

ቁራጩ የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ የምናየው አረፋ ዘይት አይደለም፣ ከድንቹ እየወጣ ያለ የውሃ እንፋሎት ነው። እንፋሎቱ በኃይል ወደ ውጭ ስለሚገፋ ዘይቱ ወደ ውስጥ የሚገባበት መንገድ ጠባብ ነው። ውሃው በወጣበት ቦታ ግን ቅርፊቱ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ድንቹን ከዘይቱ ስናወጣው መቀዝቀዝ ይጀምራል፣ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃነት ይመለሳል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ያኔ ላዩ ላይ የተለጠፈው ዘይት ወደ ውስጥ ይሳባል።

ስለዚህ ከመጥበሻው ከወጣ በኋላ ያሉት ጥቂት ሰከንዶች ትልቅ ነገር ይወስናሉ። ድንቹን አውጥቶ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ መከመር ማለት ላዩ ላይ ያለውን ዘይት ሁሉ እንዲጠጣ ጊዜ መስጠት ነው። ወዲያው፣ ትኩስ እንዳለ፣ ከመጥበሻው በላይ በማጥለያ ነቅነቅ ነቅነቅ አድርጎ ማጠንፈፍ፣ ከዚያ ወረቀት ላይ ዘርግቶ ላዩን መጥረግ ግን ዘይቱ ከመግባቱ በፊት ይደርስበታል። ከቀዘቀዘ በኋላ በወረቀት መጫን ብዙ አይጠቅምም፤ ዘይቱ ገብቷል።

ሁለተኛው ነገር የአቆራረጡ ነው። ዘይት የሚቀመጠው ቅርፊቱ ላይ እንጂ መሐሉ ላይ አይደለም። ወፍራም ቁራጭ ቅርፊቱ ትንሽ፣ ለስላሳ ውስጡ ብዙ ነው። እንደ ወረቀት የሳሳ ችፕስ ግን ሁለመናው ቅርፊት ነው። ያን 200 ግራም ጥሬ ድንች በጣም አሳስታችሁ ጭርጭር እስኪል ብትጠብሱት 67 ግራም ገደማ ይሆናል፣ ወደ 23 ግራም ዘይት ይይዛል፣ በጠቅላላው ወደ 360 ካሎሪ ይደርሳል። ያው ድንች በጣት ውፍረት ሲሆን 280፣ ሲሳሳ 360። ቢላዋው ብቻ ነው የተለየው።

ሙቀቱስ? ዘይቱ ከ175 እስከ 180 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን አረፋው ጠንካራ ነው፣ ቅርፊቱም ቶሎ ይሠራል። መጥበሻው ላይ ድንች ካጨናነቅን ዘይቱ ድንገት ይቀዘቅዛል፣ አረፋው ይሰንፋል፣ ድንቹ ዘይት ውስጥ ረጅም ጊዜ ተዘፍዝፎ ይቆያል። ውጤቱን በእጅ ማወቅ ይቻላል፤ ቁራጩ ሲነሳ ይታጠፋል፣ ጣት ላይም ዘይቱ ይቀራል። በደንብ የተጠበሰ ቁራጭ ሲነሳ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

## ኦቨን ስለሆነ ብቻ

«በዘይት አልጠብስም፣ ኦቨን ውስጥ ነው የማደርገው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እሰየው። ግን ትሪው ላይ ምን ያህል ዘይት አፈሰሳችሁ?

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። ያን 200 ግራም ድንች በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሽታችሁ ኦቨን ውስጥ ብትከቱትና ዘይቱን ሁሉ ቢጠጣው 154 ሲደመር 120፣ 274 ካሎሪ። በብዙ ዘይት የጠበስኩት 280 ነበር። ይሄን ስደምር ደነገጥኩ። ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል! ምክንያቱም በብዙ ዘይት ስንጠብስ አብዛኛው ዘይት መጥበሻው ውስጥ ይቀራል፣ ትሪ ላይ ያፈሰስነው ግን የትም አይሄድም፤ ወይ ድንቹ ላይ ነው ወይ ትሪው ላይ።

ትሪው ላይ የቀረው ይቀነሳል፣ ፍትሐዊ ለመሆን። ግን ድንች ትሪውን ጠርጎ ነው የሚነሳው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ ማለትም ወደ 40 ካሎሪ፣ ለ200 ግራም ድንች ይበቃል፤ በእጅ በደንብ ከታሸ ሁሉንም ቁራጭ ያዳርሳል። ያኔ 194 ላይ ይቆማል። ትርፉ ያለው ማንኪያው ላይ ነው እንጂ ኦቨኑ ላይ አይደለም። ለግሪልም እንደዚሁ ነው፤ በብሩሽ የሚቀባው ዘይት ብሩሹ ስለያዘው ትንሽ ይመስላል፣ ዘይቱ ያለበትን ጎድጓዳ ሳህን ከመቀባቱ በፊትና በኋላ መመዘን ግን ምን ያህል እንደሄደ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

## እንቁላል ሌላ ጠባይ አለው

ስለ እንቁላል አጭር ነገር ልበል፣ ምክንያቱም እህቴ ወዲያው «ታዲያ እንቁላልስ?» ብላኛለች። አንድ ትልቅ እንቁላል ቅርፊቱ ሲወጣ 50 ግራም ገደማ ነው፣ ከ72 እስከ 78 ካሎሪ አለው። ቢቀቀልም፣ በማይዝ መጥበሻ ላይ ያለ ዘይት ቢጋገርም ያው ነው። ሠንጠረዥ ላይ የተጠበሰው 90 ገደማ ነው። ልዩነቱ ከሁለት ግራም ዘይት አይበልጥም።

ለምን ትንሽ ሆነ? እንቁላል እንደ ድንች ቅርፊቱ ላይ ዘይት የሚስብ ቀዳዳ እምብዛም አይሠራም። ነጩ ሙቀት ሲነካው ወዲያው ይረጋና ይዘጋል፣ ዘይቱ ላዩና ጠርዙ ላይ ይቀራል። እንቁላሉን በመጥበሻ ማንሻ አንስቶ ዘይቱን ማንጠባጠብ ከተቻለ አብዛኛው መጥበሻው ላይ ይቀራል። ተመትቶ እየተማሰለ የሚበስለው ግን እንደዚያ አይደለም። እየተማሰለ ሲረጋ ዘይቱን በየመሐሉ ይዞት ይረጋል፤ መጥበሻው ደርቆ ይቀራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ካፈሰሳችሁ 120ውም ሳህኑ ላይ ነው፣ የሁለቱ እንቁላል 150 ወደ 270 ወጣ ማለት ነው። ለእንቁላል መጥበሻውን ማየት ብቻ ይበቃል፤ ዘይቱ እዚያ ከሌለ ሳህኑ ላይ ነው።

## ሆድስ ምን ይላል?

ቁጥሩ እኩል ሆነ ማለት ጥጋቡ እኩል ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሱዛና ሆልትና ባልደረቦቿ 38 ምግቦችን በእኩል ካሎሪ፣ በ240 ካሎሪ ልክ፣ ለሰዎች አብልተው ለሁለት ሰዓት ጥጋባቸውን ለኩ። ነጭ ዳቦን 100 ብለው ሌላውን ከሱ ጋር አነጻጸሩ። የተቀቀለ ድንች 323 አግኝቶ ከሁሉም አንደኛ ወጣ። በዘይት የተጠበሰው ድንች 116 ብቻ ነው ያገኘው። ያው ድንች!

ከሚዛኑ በኋላ ይሄ አላስገረመኝም። የተቀቀለ ድንች 240 ካሎሪ ለመሙላት ወደ 280 ግራም ይፈጃል፣ ትልቅ ሳህን ነው። በዘይት የተጠበሰው 80 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ በልተነው ገና ሳህኑን እንፈልጋለን። ውሃው ካሎሪ የለውም ብዬ ነበር፣ ቦታ ግን ይይዛል። ስለዚህ እህቴ ቅቅሉን መምረጧ ስህተት አልነበረም፤ ምክንያቱ ግን ሰባቷ ካሎሪ አይደለችም።

የተቀቀለ ድንች አቀዝቅዞ መብላት ካሎሪውን ይቀንሳል የሚባል ነገርም አለ። መሠረት አለው፤ ሲቀዘቅዝ የስታርቹ የተወሰነ ክፍል ለመፈጨት የሚያስቸግር ዓይነት ይሆናል። ግን በ100 ግራም ድንች ከጥቂት ግራም አያልፍም፣ የሚቀንሰው ካሎሪም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ያንሳል። ቀዝቃዛ ድንች ለሚወድ ጥሩ ነው። ለማይወድ ግን ትኩሱን ትቶ መሰቃየት አያስፈልገውም።

## ለብዙ ሰው ሲሠራ

አንድ ነገር ቀርቷል፣ እሱም በብዛት የሚጠየቀው ነው። ድንቹ የሚበስለው ለአንድ ሰው ብቻ ካልሆነስ? ማን ለራሱ ብቻ 200 ግራም ለይቶ ይጠብሳል?

አሠራሩ ይሄ ነው። ጥሬውን ድንች በሙሉ ተልጦ እንዳለ መመዘን። 800 ግራም ነው እንበል፤ 616 ካሎሪ። የገባበትን ዘይት መመዘን፤ ትሪው ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከሆነ 240። ድምሩ 856። ከዚያ ሲበስል ትሪው ላይ ያለውን ድንች እንደገና መመዘን፤ 600 ግራም ወጣ እንበል። ከዚያ ውስጥ እኔ 150 ግራም ካነሳሁ ሩቡን ወሰድኩ ማለት ነው፣ ስለዚህ 214 ካሎሪ። ሠንጠረዡ ላይ ከጥሬው ድንችና ከዘይቱ በስተቀር ምንም ቁጥር አልፈለግንም። ኦቨኑ ቢያደርቀውም ባያደርቀውም፣ ድንቹ ውሃማ ዓይነት ቢሆንም፣ የምናካፍለው ራሳችን የመዘንነውን ነው።

ጣጣ የሚመጣው ሰዎች ሁለቱን ሲቀላቅሉ ነው። የበሰለውን መዝነው የጥሬውን ቁጥር ከተጠቀሙ፣ 150 ግራሙ ግሪል ድንች 116 ካሎሪ ይመስላቸዋል፣ በእውነት ግን 152 ገደማ ነው። ጥሬውን መዝነው በዘይት የተጠበሰውን ቁጥር ከተጠቀሙ ደግሞ 200 ግራሙ 624 ይሆንባቸዋል፣ በእውነት 280 የሆነውን። ማስታወሻ ላይ ክብደት ስትጽፉ አጠገቡ «ጥሬ» ወይም «የበሰለ» የምትል አንዲት ቃል ጨምሩበት፤ እህቴ አሁን እንደዚያ ነው የምትጽፈው።